ያቺ 30 ከመቶ

ባለፈው ዓመት ነው። ድሬ እንደ ልማዷ በሙቀት ጭጭ ባለችበት ከሰዓት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለች። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ግን እንዳትስቅብኝ» አለች። (ድሬ ላላደጋችሁ ተከታዮቼ፦ «አንተ» ማለቷ ንቀት አይደለም። እዚህ አገር «እርስዎ» የሚመጣው ሰው ሲኳረፍ ነው።)

«አንድ ድርጅት አመለከትኩ። ወዲያው በኢሜል መለሱልኝ። ለሥራው ያለሽ ተስማሚነት 30 ከመቶ ነው ይላል። አራት ዓመት ሙሉ የሠራሁት'ኮ ይሄንኑ ሥራ ነው። ምንድን ነው የጎደለኝ?»

የድርጅቱን ስም ስትነግረኝ አፌ ደረቀ። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

እሷ አታውቅም። እኔም ያን ቀን አልነገርኳትም። «እስቲ ልየው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ዛሬ የምጽፈው ያኔ ያየሁትን ነው። ለእሷ ነግሬያታለሁ፤ ስሟ እስካልተጠራ ድረስ ጻፈው ብላኛለች።

ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። ማስተማር ከተውኩ ወዲህ ትናንሽ ድርጅቶች ሰው ሲቀጥሩ አንዳንዴ ይጠሩኛል። ይሄኛው ዕቃ ከጅቡቲ ተቀብሎ ጉምሩክ አስጨርሶ ለባለቤቱ የሚያደርስ ድርጅት ነው። ድሬ ውስጥ ይሄ እንግዳ ሥራ አይደለም። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ነው። ነሐሴ 2014 ላይ ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጣናው ተመረቀ። ሠፈር ውስጥ ድንጋይ ብትወረውሩ ወይ ትራንዚተር ወይ የትራንዚተር ዘመድ ትመታላችሁ። ሰው ይጠፋል ብዬ አልሰጋሁም።

ማስታወቂያውን የጻፍኩት በአንድ ማታ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት ያወጣውን የ«ሎጂስቲክስ ኦፊሰር» ማስታወቂያ አወረድኩ፤ እሱን መሠረት አደረግኩ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ አየውና «ማርኬቲንግም ቢያግዘን ጥሩ ነው» አለ፤ ጨመርኩ። የፋይናንስ ኃላፊዋ «የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት ይኑርበት» አለች፤ ጨመርኩ። ሌላው «ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ቢሆን ይመረጣል በል፤ የሚያመለክተው ሰው ይቀንስልናል» አለ። እሱንም ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ ሁላችንም የምናውቃትን «ከአለቃ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን» የምትለውን አስቀመጥኩና ዘጋሁ። ሥራና ተፈላጊ ችሎታ ተደምሮ 30 መስመር ሆነ። እውነቱን ለመናገር ረጅም ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ትልቅ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

312 ሰው አመለከተ። ድርጅቱ ሲቪ የሚያጣራ ፕሮግራም ገዝቶ ስለነበር ሁሉም በዚያ አለፈ። ፕሮግራሙ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ማስታወቂያውን በየመስመሩ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ መስመር ሲቪው ላይ ይገኝ እንደሆነ ይፈልጋል፤ የተገኙትን ለጠቅላላው ያካፍላል። 30 ውስጥ 15 ካገኘ 50 ከመቶ ነው። ሌላ ካልነገራችሁት በቀር ሁሉም መስመር እኩል ይመዘናል። እኛ ደግሞ ሌላ አልነገርነውም። 60 እና ከዚያ በላይ ያገኙትን ለቃለ መጠይቅ እንጥራ፣ ለቀሩት ነጥባቸውን በኢሜል እንላክ ተባለ።

የቀጠርነው ልጅ 80 ያገኘ ነው። ሲቪው ያምራል፤ ቃለ መጠይቁም ላይ ጎበዝ ነበር። በሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። እሱ 60 ቀኑን አልጨረሰም፤ በሰባተኛው ሳምንት በራሱ ፈቃድ ለቀቀ።

ከመልቀቁ በፊት አንድ ጭነት መጥቶ ነበር። ኢንቮይሱ ላይ ያለው የካርቶን ብዛትና ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ያለው አይገጥምም። ልምድ ያለው ሰው ዲክላራሲዮኑ ከመሞላቱ በፊት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጥና በአምስት ደቂቃ ያየዋል፤ ላኪውን ጠይቆ ያስተካክላል። ልጁ አላየውም። ጉምሩክ ላይ ተያዘ፤ እስኪስተካከል ኮንቴይነሩ ከነፃ ቀኖቹ አለፈ፤ ዲመሬጅ በየቀኑ መቁጠር ጀመረ። ዲመሬጅ ደግሞ የሚከፈለው በዶላር ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። ሲሰናበተኝ የተናገረው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «እኔ'ኮ የመጣሁት ማስታወቂያው ላይ ላለው ሥራ ነው። ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ ጨረታ፣ ማርኬቲንግ ይላል። የምሠራው ግን ሌላ ነው።» እውነቱን ነው። አዲስ አበባ የነበረውን ሥራ ትቶ ነበር የመጣው።

የተማሪዬ ስልክ ትዝ አለኝና የሁለቱን ሲቪ አውጥቼ ከ30ው መስመር ጋር በእጄ አነጻጸርኩ። ቀድሞ መሥራት የነበረብኝን ያኔ ሠራሁ። ጡረታ የወጣውን፣ ያን ወንበር ለዓመታት የያዘውን አዛውንት ትራንዚተር ቤቱ ሄጄ «አንድ ሳምንትህን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ንገረኝ» አልኩት። ከነገረኝ ውስጥ ሥራውን ሥራ የሚያደርጉት አምስት ነገሮች ብቻ ነበሩ። የጭነት ሰነዶችን እርስ በርስ ማመሳከር። ዲክላራሲዮን አዘጋጅቶ እስከ መጨረሻው መከታተል። ኮንቴይነሩ የት እንደደረሰ በየቀኑ እያወቁ ነፃ ቀኑ ሳያልቅ ማስወጣት። ከሾፌሮችና ከጅቡቲ ወኪሎች ጋር በሚገባቸው ቋንቋ በስልክ መጨረስ። የእያንዳንዱን ጭነት ወጪ በኤክሴል መመዝገብ። አምስቱም እኔ በጻፍኩት ማስታወቂያ ውስጥ ነበሩ፤ ግን በ25 ሌላ መስመር ውስጥ ተቀብረው።

እስቲ አብረን እንደምረው። የቀጠርነው ልጅ ከአምስቱ አንዱን፣ ኤክሴሉን፣ አለው። ከ25ቱ ማዳበሪያ ውስጥ ግን 23ቱን አሟልቷል። 24 ከ30፤ ይሄ 80 ከመቶ ነው። ተማሪዬ ደግሞ ከአምስቱ አራቱ ተገኝተውላታል፤ ከ25ቱ አምስት ብቻ። 9 ከ30፤ 30 ከመቶ።

በአምስቱ መስመር ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱ 20፣ እሷ 80 ነበሩ። ሰዎቹ አልተቀየሩም፤ ሲቪያቸውም አልተቀየረም። የተገለበጠው እኔ ከጨመርኳቸው 25 መስመሮች የተነሳ ነው። ፕሮግራሙ ስሌት አልተሳሳተም። የጠየቅነውን በትክክል መለሰልን፤ ጥያቄው ነው የተበላሸው።

አምስተኛዋስ የት ሄደች? እሷም ሲቪዋ ላይ ነበረች። እኔ በእንግሊዝኛ «የጉምሩክ ክሊራንስ» ብዬ ጽፌያለሁ። እሷ «ትራንዚት ረዳት፣ ዲክላራሲዮን» ብላ ጽፋለች። እዚህ አገር የትኛውም ትራንዚተር የሚናገረውን ቋንቋ ነው የጻፈችው። ፕሮግራሙ ግን ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ማስታወቂያ ጻፊ ሥራው በአካባቢው በምን በምን ስም እንደሚጠራ ካላስቀመጠ፣ ሥራውን በሚያውቁት ሰዎች ላይ ነው የሚፈርደው፤ ምክንያቱም የሥራውን የቤት ስም የሚጠቀሙት እነሱ ናቸው።

አንዳንዶቻችሁ «አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች'ኮ ቃል አይቆጥሩም፣ ትርጉም ነው የሚያነጻጽሩት» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ የዲክላራሲዮኑን ችግር ይቀንሱታል። የማዳበሪያውን ችግር ግን አያጠፉትም። ብዙዎቹ ጽሑፉን በሙሉ ወይም በትልልቅ ክፍል ወስደው ወደ ቁጥር ይለውጡና የሁለቱን መቀራረብ ይለካሉ። ማስታወቂያው ስለ ማርኬቲንግም ስለ ጨረታም ስለ ዕቅድም ስለ ጉምሩክም የሚያወራ ከሆነ፣ የሚወጣው ቁጥር የሁሉም ድብልቅ ነው። ቡናውንም ዝንጅብሉንም ቃሪያውንም አንድ ሙቀጫ ውስጥ ወቅጣችሁ «ይሄ ሽታ የምን ነው?» እንደ ማለት። ለሁሉም ትንሽ ይቀርባል፤ ለማንም በደንብ አይቀርብም።

ከመርዘሙ በላይ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነበር። «ጥሩ የመግባባት ችሎታ»፣ «በቡድን መሥራት የሚችል»፣ «ጫና የሚቋቋም»፣ «ለሥራው ተነሳሽነት ያለው» የሚሉ መስመሮች ነበሩኝ። ሲቪዎቹን ሳገላብጥ እነዚህ ሁሉም ሰው ዘንድ አሉ። ሁሉም ሰው ያገኘው ነጥብ ደግሞ ማንንም ከማንም አይለይም። በዚያ ላይ የአንዳንዱ ሲቪ ዓረፍተ ነገር ከእኔ ማስታወቂያ ቃል በቃል የተቀዳ ነው። እንዴት አወቅክ ብትሉኝ፣ «ማኔጅመንት»ን በእንግሊዝኛ ስጽፍ አንድ ፊደል ዘልዬ ነበር፤ ያው ስህተቴ እዚያ ያሉት ሲቪዎች ላይ ቁጭ ብሏል። የራሴን ስህተት ተመልሼ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ ማለት ነው።

ያኔ ነው «የሚያመለክተው ይቀንሳል» ያልነው ነገር እንዴት እንደሚገለበጥ የገባኝ። 30 መስመር ያለው ማስታወቂያ ሲያይ የሚመለሰው ማን ነው? ራሱን በታማኝነት የሚለካው። «ከዚህ ውስጥ አሥሩ ብቻ ነው ያለኝ» ብሎ ይተወዋል። የማይመለሰው ደግሞ መስመሮቹን እየቀዳ የሚለጥፈው ነው። ማስታወቂያው በረዘመ ቁጥር ለታማኙ በሩ ይጠባል፤ ለቀጂው ግን የሚቀዳው ይበዛለታል።

ሰው ቢያየውስ ይሻል ነበር? እሱንም ሞከርነው። ሥራ አስኪያጁ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋና እኔ አሥር ሲቪ ወስደን፣ ሳንነጋገር፣ በዚያው በ30 መስመር ነጥብ ሰጠን። አንዱን ሲቪ እኔ 45 ስሰጠው ሥራ አስኪያጁ 82 ሰጥቶታል። ተቀምጠን መስመር በመስመር ስናየው የተለያየነው «ተዛማጅ የሥራ ልምድ» በሚለውና በእነዚያ የመግባባት መስመሮች ላይ ነበር። ለእኔ ተዛማጅ ማለት ጉምሩክ ነው፤ ለእሱ ግን መጋዘንም፣ ሽያጭም፣ ማንኛውም ቢሮም ነው። እኛ ሦስታችን ያልተስማማንበትን ቃል ፕሮግራሙ እንዲስማማልን ነው የጠበቅነው።

ከሁሉም የጠቀመኝ ፈተና ግን ይሄ ነው፤ ማስታወቂያ የምትጽፉ ሁሉ ከማውጣታችሁ በፊት ሞክሩት። ያን ሥራ በደንብ የሠራ ሰው ካላችሁ፣ የእሱን ሲቪ በራሳችሁ ማስታወቂያ አሳልፉት። የአዛውንቱን ትራንዚተር ልምድ እሱ እንደነገረኝ አድርጌ ጻፍኩና አስገባሁት። 23 ከመቶ። ሄጄ ነገርኩት። ሽርጡን እየጠበቀ ሳቀና «አቦ! በጡረታዬ አባረርከኝ በለኛ!» አለኝ። ሥራውን ለዓመታት ያሳደረው ሰው የማያልፍበት ወንፊት፣ ችግሩ የወንፊቱ እንጂ የእህሉ አይደለም።

ማስታወቂያውን እንደ አዲስ ጻፍነው። የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ይሄ ሰው በ60 የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ ምን ሠርቶ ማሳየት አለበት?» የሚል ነበር። ለዚህ መልስ የማይሆን መስመር ሁሉ ወጣ። ማርኬቲንጉ ወጣ። ጨረታው ወጣ። ሁለተኛ ዲግሪውም ወጣ፤ «ለምንድን ነው የሚያስፈልገው?» ስንባባል አንድ ሰው እንኳ መልስ አልነበረውም።

የቀሩትን አምስቱን ደግሞ ዓይን ሊያያቸው በሚችል መልክ ጻፍናቸው። «ጥሩ የመግባባት ችሎታ» የነበረው «ከሾፌሮችና ከጅቡቲ ወኪሎች ጋር በሶማሊኛ ወይም በፈረንሳይኛ በስልክ ተነጋግሮ የኮንቴይነር መድረሻ ቀን የሚያረጋግጥ» ሆነ። ይሄንን አንድ ሰው ወይ ሠርቶታል ወይ አልሠራውም። «ዝርዝር ላይ የሚያተኩር» የሚለው «ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስትና ቢል ኦፍ ሎዲንግ አመሳክሮ ልዩነት የሚያወጣ» ሆነ። አጠገቡ ሰው ሊጽፋቸው የሚችሉትን ሌሎች ስሞች አስቀመጥን፤ ክሊራንስ፣ ትራንዚት፣ ዲክላራሲዮን። ሰነድ ማመሳከርና ዲክላራሲዮን ግዴታ ሆኑ፤ የሌለው አያልፍም። ሦስቱ ግን ሊለመዱ የሚችሉ ናቸው፤ ነጥብ ያስጨምራሉ እንጂ አያስጥሉም። ሌሊት ስልክ እንደሚደወል፣ ቅዳሜም ሥራ እንዳለ በግልጽ ጻፍን። ደመወዙን «በስምምነት» ማለት ትተን ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ አስቀመጥነው።

በአዲሱ ማስታወቂያ ሦስታችን እነዚያኑ አሥር ሲቪዎች እንደገና ለየብቻ አየን። ሦስታችንም ከላይ ያስቀመጥናቸው ሁለት ሰዎች አንድ ናቸው። የአዛውንቱ ሲቪም አንደኛ ወጣ፤ ይሄን ስነግረው «ታዲያ ደመወዜን መቼ ትከፍሉኛላችሁ?» አለ።

ቢሆንም ነጥቡን አላመለክነውም። ማስታወቂያው ጥሩ ሲሆን ነጥቡ ትክክለኛውን ጥያቄ መመለስ ይጀምራል እንጂ ወረቀት ላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። አምስት መስመርም ይቀዳል። ስለዚህ ያለፉትን በሙሉ ጠርተን የግማሽ ሰዓት ሥራ ሰጠናቸው። የአንድ ጭነት ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስትና ቢል ኦፍ ሎዲንግ ነው፤ ሆን ብለን ሦስት ልዩነት አስገብተንበታል። ቆንጆ ሲቪ የነበራቸው አንዳንዶች አንዱንም አላዩም። አንድ ልጅ ሦስቱንም አወጣና «ይሄኛውስ?» ብሎ እኛ ሳናውቀው የገባ አራተኛ ስህተት አሳየን። በመጀመሪያው ዙር 37 ያገኘ ልጅ ነው። እሱን ቀጠርነው፤ አሁንም አለ።

ተማሪዬስ?

ማስታወቂያው እንደገና ሲወጣ ለ312ቱም አመልካቾች ኢሜል እንዲላክ አደረግኩ። ለእሷ ለብቻዋ መደወል አልቻልኩም። መራጮቹ ውስጥ ነኝ፣ ተማሪዬ ናት፤ ለሌላው ያልደወልኩትን ለእሷ ብደውል ሌላ በደል ነው። ይከፈታል ብዬ ጠበቅኩ። ቀኑ አለፈ፤ ስሟ አልመጣም።

ቅጥሩ ካለቀ በኋላ ከዚራ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ፤ ካሸሯ እሷ ናት። ሁሉንም ያኔ ነገርኳት። ማስታወቂያው የእኔ እንደነበረ፣ 25ቱ መስመር ከየት እንደመጣ፣ በትክክለኛው አምስት መስመር ስንት እንደምታገኝ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ኢሜሉንማ አይቼዋለሁ» አለች። «ግን አንዴ 30 ብለውኛል። እውነት ይሆናል አልኩ። የሠራሁት ሥራ ያን ያህል ሥራ ላይሆን ይችላል ብዬ ከሲቪዬ ላይም ትራንዚቱን ወደ ታች አወረድኩት።»

እዚህ ላይ ነው የከበደኝ። እኛ ያቺን ቁጥር ስንልካት ስለ እሷ የተነገረ ነገር አድርገን ነው። 30 ከመቶ የሚለው ግን ስለ አራት ዓመት ሥራዋ የሚለው አንድም ነገር አልነበረውም። እኔ በአንድ ማታ ስለቀዳሁት፣ ሦስት ሰው ሳይጠየቅ ስለጨመረበት ወረቀት ነበር የሚናገረው። ነጥቡ የእኔ ነበር፤ የተሸከመችው እሷ ናት።

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?» አለችኝ።

«ትራንዚቱን ወደ ላይ መልሺው» አልኳት። «በራስሽ ቃል።»

ካሸሩ ጋ ሰልፍ በዝቶ ስለነበር ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ሲቪዋን ልካልኛለች። መጀመሪያው መስመር ላይ «ዲክላራሲዮን» ይላል።